በጠብ መሃል የተዘረጋን እጅ ማን ይቀበለዋል?

እኛ ሰፈር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ግድግዳው ስስ ነው። ጎረቤት የሚያየው ድራማ ሳይቀር ይሰማል። የባልና ሚስት ጠብም እንደዚሁ። ጎረቤት ደግሞ በሰማው ይፈርዳል። ድምፃቸው ከፍ የሚለውን "እነዚህ እንኳን አይዘልቁም" ይላቸዋል። ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቀውን ደግሞ "እንዴት ያሉ ጨዋ ናቸው" ብሎ ያመሰግናቸዋል። ከዚያ አንድ ቀን ጨዋዎቹ ዕቃቸውን ለየብቻ ሲጭኑ ብሎኩ ሁሉ ይደነግጣል።

የትዳርን ጠብ ለዓመታት ያጠኑ ተመራማሪዎች በዚህ አይደነግጡም። የጠብ ድምፅ ትዳሩ ስለመዝለቁ ብዙም እንደማይናገር ካወቁ ቆይተዋል። የበለጠ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። ጠቡ እየጋለ ሳለ ከሁለቱ አንዱ ለማብረድ ይሞክራል። ትንሽ ቃል ይጥላል፣ ወይ ውሃ ያቀብላል፣ ወይ ፈገግ ይላል። ጥያቄው ያ ሙከራ ተቀባይ ያገኛል ወይ የሚለው ነው።

በዚህ መስክ ስሙ በብዛት የሚነሳው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን ነው። ከባልደረባው ከሮበርት ሌቨንሰን ጋር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ብዙ ባልና ሚስቶችን ወደ ላቦራቶሪ አስገብተዋል (እዚህ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሠራሩ ቀላል ነው። ባልና ሚስቱ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። የልብ ምታቸውን የሚለካ መሣሪያ ይገጠምላቸዋል። ከዚያ በቤታቸው በእውነት የሚጣሉበትን አንድ ጉዳይ ለ15 ደቂቃ ያህል እንዲነጋገሩበት ይደረጋል። ካሜራ ይቀርጻቸዋል። በኋላ የሠለጠኑ ሰዎች ቅጂውን እየተመለከቱ የእያንዳንዱን ሰው ፊት፣ ድምፅና ቃል ይመዘግባሉ። እዚህ ላይ ተቆጣ፣ እዚህ ላይ ናቀ፣ እዚህ ላይ ሳቀ፣ እያሉ። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ዓመታት ጠብቀው ይመለሳሉ። ማን ተፋታ? ማን አብሮ ቀረ?

በ1993 ጎትማን የጻፈው ነገር የጎረቤትን ፍርድ በቀጥታ ይነካል። አብረው ከዘለቁት መካከል ሦስት ዓይነት ባልና ሚስት አገኘ። አንዳንዶቹ እየተደማመጡ በረጋ መንፈስ ይነጋገራሉ። አንዳንዶቹ ይጯጯሃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ግን በዚያው መጠን ይሳሳቃሉ፣ ይዋደዳሉ። ሦስተኞቹ ጠብ ሲመጣ ነገሩን አለፍ ብለው ይተዉታል፣ ልዩነታቸውን እንዳለ ይዘው ይኖራሉ። ሦስቱም ዘልቀዋል። የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር፣ በጠብ መሃል እንኳ አንድ ክፉ ነገር ሲወጣ አምስት ያህል ደግ ነገር አብሮ መውጣቱ ነው። መሳቅ፣ "እውነትሽን ነው" ማለት፣ መስማት፣ መንካት። ወደ ፍቺ ከሚያመሩት ዘንድ ግን ክፉውና ደጉ ወደ እኩል ይጠጋል፣ እንዲያውም ክፉው በትንሹ ይበልጣል።

ስለዚህ ጎረቤታችሁ መጮሁ አያሳስባችሁ። የሚያሳስበው ከጩኸቱ ጋር ምን አብሮ እንደሚመጣ ነው። ከሁሉ ክፉ ሆኖ የተገኘው ንቀት ነው። አፍን አጣሞ ማሾፍ፣ የሰውን ዘር ቆጥሮ መስደብ፣ "አንተም ሰው ሆነህ" ማለት። ቁጣ ብቻውን ያን ያህል ጉዳት የለውም። ንቀት ግን ሌላውን ሰው ከእኩልነት ያወርዳል፣ ከወረደ ሰው ጋር ደግሞ ማንም አይታረቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ማብረዱ። ተመራማሪዎቹ የማብረድ ሙከራ የሚሉት ጠቡ ከእጅ እንዳይወጣ ተብሎ የሚደረግን ማንኛውንም ነገር ነው። ቃል ሊሆን ይችላል፣ ሁኔታም ሊሆን ይችላል። ይህን በደንብ ለማየት አንድ ምሽት በዝርዝር እንከተል። ባልና ሚስቱ አንድ ቤት ውስጥ ያሉ የተወሰኑ ሰዎች አይደሉም። እንደኛ ባለ ዳር ሰፈር ብዙ ቤት ከሚሰማው የገጣጠምኳቸው ናቸው።

ማታ ሁለት ሰዓት አልፏል። ባል ከሜክሲኮ ታክሲ ተሰልፎ፣ ቃሊቲ ላይ መንገዱ ተዘግቶ፣ አራተኛ ፎቅ በእግሩ ወጥቶ ገብቷል። ሚስት ከቀኑ ጀምሮ ውሃ ስላልመጣ በጀሪካን ከታች ስታመላልስ ውላለች። ከሰዓት በኋላ የዕቁብ ሰብሳቢዋ ደውላ "የዚህ ወር አልገባም" ብላታለች። ገንዘቡ የት እንደገባ ታውቃለች። ባል ሳይነግራት ለወንድሙ ሰጥቶታል።

"ገንዘቡን ለወንድምህ መስጠትህን ከሰው አፍ ልስማ? መቼም አንተ ቤት ያለህ ሰው አትመስልም" አለችው፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ።

"አንቺስ ለእናትሽ ስትልኪ መች ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

"እናቴ እኮ ታማ ነው። ወንድምህ ግን ሥራ ጠልቶ ነው የሚዞረው።"

እስከዚህ ድረስ ነገሩ መጥፎ ሄዷል። እሷ ስለ ገንዘቡ ጀምራ ወዲያው ስለ እሱ ማንነት ተናገረች። እሱ ጥፋቱን ትቶ በእሷ ላይ ጣት ቀሰረ። ከዚያ ወንድም ተሰደበ። በላቦራቶሪ ቢሆን ይህ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተመዝግቦ ያልቃል። አጀማመር ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በ1999 ጎትማንና ባልደረባው ሲቢል ካሬር አዲስ የተጋቡ 124 ጥንዶችን ጠብ እንደገና ፈትሸው፣ በስድስት ዓመት ውስጥ የሚፋቱትና የማይፋቱት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ እንኳ የተለየ ነገር እንደሚያሳዩ አግኝተዋል።

ቀጥሎ ባል እንዲህ አለ፦

"ቆይ እስኪ። ቆይ። ልቀመጥ፣ እግሬ አልቋል።"

ይቺ ናት የማብረድ ሙከራ። ውብ አይደለችም። ይቅርታ የለባትም። ብዙ ሰው እንደ ማምለጫ ይሰማታል። ግን ከ"አንቺስ" ወደ ራሱ ድካም ተመልሷል፣ ድምፁም ወርዷል። ሚስት አሁን ሁለት ምርጫ አላት። አንደኛው፦ "ያንተ እግር ሁልጊዜ ገንዘብ ሲነሳ ነው የሚያልቀው።" ሙከራው ወደቀ። ሁለተኛው፦ "ተቀመጥ እሺ። ግን ነገሩ አላለቀም።" ይህም ቁጣ ነው፣ ፊቷም አልተፈታም። ሆኖም ሙከራውን ተቀብላለች። መቀበል ማለት መሸነፍ ወይም ይቅር ማለት አይደለም። እጁን አየሁት ማለት ነው እንጂ።

በመጀመሪያው መንገድ ብንሄድ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሚስት ምግብ ታቀርባለች። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ጠንከር አድርጋ ታስቀምጣለች። "ብላ፣ ወጡ ይቀዘቅዛል።" ይህም የማብረድ ሙከራ ነው፣ ያውም ከባሉ የበለጠ ትልቅ። ባል ምን ይላል? "አልበላም።" እኛ አገር ይህች አንዲት ቃል ስንት ቤት አኩርፋ እንዳሳደረች ማንም ያውቃል። እሱ ራሱን እየቀጣ የሚመስለው ሰው፣ የተዘረጋለትን እጅ መልሷል።

በሁለተኛው መንገድ ብንሄድ ደግሞ እንዲህ ሊቀጥል ይችላል።

"ልነግርሽ ነበር። ፈርቼ ነው" አለ ባል።

"ምን ፈራህ?"

"ዕቁቡ መድረሱን አውቃለሁ። እምቢ ትለኛለች ብዬ።"

"እምቢ እልህ ነበር" አለች። ከንፈሯ ዳር ትንሽ ፈገግታ ነበር።

"ፈርቼ ነው" የሚለው ንግግር በተለይ ሊታይ ይገባል። በ2015 ጎትማን፣ ጃኒስ ድራይቨርና አምበር ታባሬስ አዲስ የተጋቡ ጥንዶች በጠብ መሃል የሚያደርጉትን የማብረድ ሙከራ በዓይነት በዓይነቱ ለይተው አሳትመዋል። የሠሩት ሁለት ዓይነት ሙከራዎችን በማነጻጸር ነው። አንደኛው አእምሮን የሚያናግር ነው። "በምክንያት እንነጋገር"፣ "ከርዕሱ አንውጣ"፣ "መፍትሔው ይህ ነው።" ሁለተኛው ስሜትን የሚያናግር ነው። የውስጥን መናገር፣ ጥፋትን በከፊል እንኳ መውሰድ፣ "ገብቶኛል" ማለት፣ አብሮ የሚያስቅ ቀልድ፣ ፍቅርን ማሳየት። የተሻለ የሠራው ሁለተኛው ነው። ሌላም አግኝተዋል። ቶሎ የመጣ፣ ጠቡ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ እያለ የተወረወረ ሙከራ ከዘገየው የበለጠ ይሠራል።

እዚህ ላይ ለእኛ ወንዶች የሚከብድ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። ብዙዎቻችን ጠብ ሲነሳ በምክንያት ልናሸንፍ እንሮጣለን። "እስኪ በሰከነ መንፈስ እናስበው" ማለት ጨዋነት ይመስለናል። ለምትሰማው ሰው ግን "አንቺ አልሰከንሽም" ማለት ሊሆን ይችላል። "ፈርቼ ነው" ማለት በአንጻሩ ለብዙ ወንድ ከዕቁቡ ገንዘብ በላይ ይከብደዋል።

ይሁን እንጂ "እንግዲያውስ ትክክለኛውን ቃል አስተምሩን" ካልን ጥናቶቹ መልሰው ያቆሙናል። ቃሉ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ተቀባይ አያገኝም። ግሩም የሆነ ይቅርታ ተጥሎ ሲወድቅ፣ የተንተባተበ "እሺ በቃ" ግን ቤቱን ሲያበርደው ይታያል። ልዩነቱ የሰሚው ልብ ነው።

ይህን በግልጽ ያሳየው በ1980 የወጣው የሮቢንሰንና የፕራይስ ጥናት ይመስለኛል። የሠለጠኑ ታዛቢዎች ወደ ጥንዶች ቤት ሄዱ። ባልና ሚስቱ እርስ በርስ የሚያደርጉትን ደግ ነገር ቆጠሩ። ባልና ሚስቱ ራሳቸውም እንዲቆጥሩ ተደረገ። ደስተኛ በሆኑት ቤት የታዛቢውና የባልና ሚስቱ ቆጠራ ተቀራረበ። ደስታ በራቃቸው ቤት ግን ባልና ሚስቱ ታዛቢዎቹ ካዩት ደግ ነገር ግማሹን ያህል አላዩትም። ደግነቱ አለ፣ እፊታቸው ተደርጓል፣ ግን አልታያቸውም።

እስቲ ወደ ሳህኑ እንመለስ። ሚስት "ብላ፣ ወጡ ይቀዘቅዛል" ስትል፣ ውጭ የቆመ ሰው "እየተናደደች እንኳ አሰበችለት" ይላል። ባል ግን የሳህኑን ድምፅ ብቻ ሰማ። ሮበርት ዋይስ የተባለ ተመራማሪ በዚያው ዘመን ይህን እንዲህ አብራርቶታል። ስለ ትዳራችን ያለን አጠቃላይ ስሜት፣ በዚያች ደቂቃ የሚደረገውን ነገር ይሸፍነዋል። ስሜቱ ጥሩ ከሆነ ጠንካራ ቃል እንኳ "ደክሟት ነው" ይባላል። ስሜቱ ከጠቆረ ደግሞ ደግ ቃል ራሱ "ምን ፈልጋ ነው?" ይባላል።

ያ ስሜት የሚሠራው በጠቡ ማታ አይደለም። ጠብ በሌለበት ማክሰኞና ረቡዕ ነው። "ዛሬ ታክሲ ውስጥ ያየሁትን ብነግርህ" ስትል ከስልኩ ቀና ይላል ወይስ አይልም? "ወገቤን አሞኛል" ሲል ትሰማዋለች ወይስ "እኔስ?" ትላለች? ጎትማንና ድራይቨር እነዚህን ትንንሽ ጥሪዎች ቆጥረዋል። በዘወትር ቀን ጥሪያቸው ሰሚ የሚያገኝ ጥንዶች፣ ሲጣሉም ቀልድና ፍቅር ይገኝባቸዋል። ስለዚህ የማብረድ ሙከራን ከጠቡ ለይቶ መማር ከባድ ነው። ሙከራውን የሚቀበለው ጆሮ ቀድሞ መሠራት አለበት።

ሰሚውን የሚዘጋው ሁለተኛ ነገር አካሉ ነው። ሰው በጣም ሲቆጣ ወይም ሲጨነቅ ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ ጡንቻው ይጠነክራል። ጎትማን የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰው በደንብ መስማት ያቅተዋል ይላል። በዚያ ሁኔታ ቀልድ ስድብ ይመስላል፣ ይቅርታም ማታለያ። በአንድ ጥናት ላይ ጥንዶቹ እየተጣሉ ሳለ አቋርጠዋቸው፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ጉዳዩ ሳያወሩ መጽሔት እንዲያነቡ አደረጓቸው። ሲመለሱ የልብ ምታቸው ወርዶ፣ ንግግራቸውም ለስልሶ ተገኘ። ምንም አልተማሩም፣ ምክርም አልተሰጣቸውም። አካላቸው ብቻ በረደ።

ለዚህ ነው የእኛን ማታ ያመጣሁት። ዳር ሰፈር የሚኖር ሠራተኛ ቤቱ ሲገባ ልቡ ገና ከመንገድ አልተመለሰም። ውሃ ያመላለሰችውም እንደዚሁ ናት። እነዚህ ሁለት ሰዎች በር ላይ ስለ ዕቁብ ሲጀምሩ፣ ትዳራቸው ቢፈተን ፈተናው ግማሹ የመንገድና የውሃ ነው። ያው ጥያቄ ከእራት በኋላ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቢነሳ ሌላ ጠብ ይሆን ነበር። ምናልባትም ጠብ አይሆንም ነበር።

ዕረፍት መውሰድና ማኩረፍ ግን በጣም ይለያያሉ፣ እኛ ደግሞ ሁለቱን እንቀላቅላለን። ዕረፍት "አሁን አልችልም፣ ልጆቹ ሲተኙ እናውራው" ብሎ መሄድ ነው። መመለሻው ታውቋል። ኩርፊያ ያለ መመለሻ መሄድ ነው። ፊት ማዞር፣ በልጅ በኩል መነጋገር ("ለአባትሽ ቁልፉን ስጪው በይ")፣ ሦስት ቀን ዝም። አንዱ "እናውራ" እያለ ሲከተል ሌላው እየሸሸ ሲዘጋ የሚፈጠረውን ዑደት አንድሩ ክሪስተንሰንና ባልደረቦቹ በብዛት አጥንተውታል። በ2006 ብራዚልን፣ ጣሊያንን፣ ታይዋንንና አሜሪካን ባነጻጸሩበት ሥራ፣ በአራቱም አገር ይህ ዑደት በበረታበት ቤት እርካታው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። አብዛኛውን ጊዜ ተከታይዋ ሚስት፣ ሸሺው ባል ነው። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ቀደም ሲል በ1990 አንድ ነገር አሳይተዋል። ርዕሱ ባል የሚፈልገው ለውጥ ሲሆን ያ ልዩነት ይጠባል። ስለዚህ "ሴት ነዝናዛ ናት፣ ወንድ ዝምተኛ ነው" የሚለው ሙሉ እውነት አይደለም። ለውጥ የሚፈልገው ይከተላል። ነገሩ እንዳለ ቢቀር የሚጠቀመው ይሸሻል።

በእኛ ምሽት ደግሞ ሌላ ጥናት ይገባል። በ1998 የወጣውና 130 አዲስ የተጋቡ ጥንዶችን የተከታተለው የጎትማን ሥራ፣ የሚስት አጀማመር ለስላሳ መሆኑና ባል የሚስትን ሐሳብ ለመቀበል ፈቃደኛ መሆኑ ከዘለቄታው ጋር እንደሚያያዙ አግኝቷል። ተቀመጠ፣ "ፈርቼ ነው" አለ፣ ሳቁ። ጥሩ። ግን ነገ እንደገና ሳይነግራት ቢሰጥስ? "ከእንግዲህ ከዕቁብ ገንዘብ ሳንነጋገር አይነካም" የምትለውን ካልተቀበለ ያ ፈገግታ ሁለተኛ ጊዜ አይሠራም። ሦስተኛ ጊዜማ ንቀት ይሆናል። በተለምዷችን የቤቱ ትልቅ ገንዘብ ውሳኔ የባል ነው ብሎ የሚያምን ሰው፣ ይህ ግኝት የሚመለከተው ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ነው።

አሁን ወደ ጥርጣሬው። ጎትማን ፍቺን ከ90 በመቶ በላይ በትክክል መተንበይ ይችላል ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምታችሁ ይሆናል። ይህ ቁጥር እንደተነገረው መወሰድ የለበትም። በ2001 ሪቻርድ ሄይማንና ኤሚ ስሚዝ ስሌፕ ምክንያቱን አስረድተዋል። ቀመሩ የተሠራው ማን እንደተፋታ ከታወቀ በኋላ ነው። ባለቀ ነገር ላይ የተሠራ ቀመር ያንኑ ነገር በደንብ ይገልጻል። በአዲስ ሰዎች ላይ ሲሞከር ግን ጥንካሬው በጣም ይወርዳል፣ እነሱም ይህንኑ በራሳቸው መረጃ አሳይተዋል። ሌላም ወጥመድ አለ። ከ100 ጥንዶች 15ቱ ብቻ ይፋታሉ እንበል። ምንም ሳያይ "ማንም አይፋታም" ያለ ሰው 85 በመቶ ልክ ነው።

በ2007 ደግሞ ኪም፣ ካፓልዲና ክሮስቢ በኦሪገን፣ ችግር በበዛበት አካባቢ ያደጉ ወጣቶችን ይዘው የጎትማንን ግኝቶች ለመድገም ሞክረው አብዛኞቹን አላገኟቸውም። በ2016 ላቭነር፣ ካርኒና ብራድበሪ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ከ400 በላይ አዲስ የተጋቡ ጥንዶች ለተደጋጋሚ ጊዜ ጎበኙ። ደስተኞቹ በዚያው ጊዜ ጥሩ ይነጋገራሉ። ግን የዛሬው ንግግር የነገውን ደስታ በአስተማማኝ መንገድ አልተነበየም። እንዲያውም የዛሬው ደስታ የነገውን ንግግር የተነበየበት ጊዜ ይበልጣል።

ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለሎስ አንጀለስ ድሃ ሰፈር የተባለው ለእኛ ዳር ሰፈር ቅርብ ነው። ኪራይ ሲጨምር፣ ወይም የኮንዶሚኒየም የባንክ ዕዳ ወር በወር ሲመጣ፣ ሥራም ሲቋረጥ፣ የሰዎች አነጋገር ይበላሻል። ያንን ቤት "አነጋገራችሁን አሻሽሉ" ብሎ መምከር ብቻውን ፍትሕ የለውም። የሚሻለው ጥናቶቹን እንደ ትንቢት ሳይሆን እንደ ምልክት ማንበብ ነው። ባልና ሚስት ራሳቸውን ማየት የሚችሉት "ባለፈው ሳምንት ከተዘረጉት እጆች ስንቱን አየሁ?" ብለው ነው። የአንድ ሰው ጠብ አይቶ "ይፋታሉ" ማለት ግን ማንም አይችልም፣ ጎረቤትም ሆነ ምሁር።

አንድ ነገር ከዚህ ሁሉ ውጭ መቆም አለበት። ጥቃት ባለበት ቤት የማብረድ ሙከራ የሚባል ነገር ሌላ ትርጉም ይይዛል። የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው በባላቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶባቸዋል። እንዲህ ባለው ቤት ሚስት ቶሎ "እሺ በቃ" የምትለው ስለተቀበለች አይደለም፣ ስለፈራች ነው። በማግስቱ አበባና ስጦታ ይዞ የሚመጣ ባልም ጠብ አላበረደም፣ የጥቃቱን ዙር እንደገና ጀመረ እንጂ። ዝም ያለ ቤት ጨዋ ቤት የሚባልበት ሰፈር ውስጥ ይህ ጉዳይ ከሁሉ በፊት ይሸፈናል። ለእንዲህ ያለ ቤት የሚያስፈልገው የአነጋገር ምክር ሳይሆን ደኅንነት ነው። ሽማግሌም "ታገሺ" ብሎ ከመመለሱ በፊት ይህን መጠየቅ አለበት።

ሽማግሌን ካነሳሁ አይቀር፣ በዚህ መስክ ካነበብኩት ሁሉ ልቤ ላይ የቀረው ጥናት ከሽማግልና ጋር ይቀራረባል። በ2013 ኢሊ ፊንከልና ባልደረቦቹ ቺካጎ አካባቢ የሚኖሩ 120 ባልና ሚስቶችን ለሁለት ዓመት ተከታተሉ። በመጀመሪያው ዓመት የሁሉም እርካታ ቀስ እያለ ወረደ። ይህ የተለመደ ነው። በሁለተኛው ዓመት ግማሾቹ አንድ አጭር ጽሑፍ እንዲጽፉ ተደረገ። ሰባት ደቂቃ ብቻ፣ በዓመቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ። ባጠቃላይ 21 ደቂቃ ማለት ነው።

የሚጽፉት በቅርቡ ስለተጣሉበት ጉዳይ ነው። የሁለቱንም ደግ የሚፈልግ፣ ለማንም የማያደላ ሦስተኛ ሰው ይህን ጠብ ቢያየው ምን ይላል? ከዚህ ጠብ ምን ደግ ነገር ያወጣል? ቀጥሎ፣ በጠቡ መሃል በዚያ ሰው ዓይን ማየት የሚከብደኝ መቼ ነው? በመጨረሻም፣ በሚቀጥሉት አራት ወራት ይህን ለማድረግ ምን ልሞክር?

ያልጻፉት ጥንዶች እርካታ መውረዱን ቀጠለ። የጻፉት ግን ባሉበት ቆመ።

ያ "ለማንም የማያደላ፣ የሁለቱንም ደግ የሚፈልግ ሰው" እኛ ሰፈር በአካል አለ። ነጠላውን ተጎናጽፎ፣ ከዘራውን ይዞ፣ "እስኪ አንተ ተናገር፣ አንቺ ቆይ" የሚል ሰው ነው። ሕጉም ለእሱ ቦታ ትቶለታል። በ2000 በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ፍቺ የጠየቁ ባልና ሚስትን ፍርድ ቤት ሊያነጋግር፣ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታዩ ሊያደርግና እስከ ሦስት ወር የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ችግሩ የሚጠራበት ሰዓት ነው። ሽማግሌ የሚጠራው ሚስት ሻንጣ ይዛ ወደ ወላጆቿ ከሄደች በኋላ ነው። የጥናቱ ጥንዶች ግን የጻፉት ስለ ተራ ጠብ ነበር። እዚህ ቢሆን ስለ ዕቁብ፣ ስለ ወንድም፣ ስለ ዘገየ እራት ይጽፉ ነበር። ሽማግሌውን ገና ከበሩ ላይ፣ ልብ መምታት ሳይጀምር፣ በራሳቸው ውስጥ ጠሩት።

ጥናቱ አንድ ሌላ ነገርም መዝግቧል። የጻፉት ጥንዶች ካልጻፉት ያነሰ አልተጣሉም፣ የሚጣሉበት ጉዳይም የቀለለ አልነበረም። የቀነሰው ጠቡ በልባቸው ላይ የሚተወው ንዴትና ጭንቀት ነው።